ሠላሳ ኮምፒዩተሮችን በአንድ አብነት ስለ ማዘጋጀት

ከመካከላችን ብዙዎቹ በክረምት ወራት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሄዱ የኮምፒዩተር ክፍል እንዲያሰናዱ ይጠየቃሉ። ኮምፒዩተሮቹ በአንድ ክፍል ተደርድረዋል፤ መምህሩም ትምህርት ሳይጀመር ሁሉም አንድ ዐይነት ፕሮግራም ይዘው እንዲጠብቁት ይፈልጋል። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ዊንዶውስን፥ የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራሞችን፥ የአማርኛ መጻፊያውንና የቀረውን ሁሉ በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ለመጫን ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብንል፥ ሠላሳውን በተናጠል ለመጫን ስድሳ ሰዓት ያስፈልጋል። ደግሞም በመጀመሪያው ቀን በትጋት የተሰናዳው ኮምፒዩተርና በስምንተኛው ቀን በደከመ እጅ የተሰናዳው አንድ አይሆኑም። ስለዚህ የሙያው ልማድ አንዱን ብቻ በሚገባ አሰናድቶ፥ የዲስኩን ሙሉ ቅጅ ወስዶ፥ በሌሎቹ ላይ መገልበጥ ነው። የሚሰናዳውን ኮምፒዩተር በዚህ ጽሑፍ አብነት ብለነዋል፤ ከእርሱ የሚወሰደውን ቅጅ ደግሞ ባለሙያዎቹ እንደሚጠሩት ኢሜጅ እንለዋለን።

መገልበጥ ግን ሁሉንም መገልበጥ ነው። ቁም ጸሓፊ ግድፈት ካለበት መጽሐፍ ሲገለብጥ ግድፈቱም አብሮ እንደሚተላለፍ፥ በአብነቱ ላይ የተረሳ ነገር በሠላሳው ላይ ይረሳል። በዲስኩ ላይ ያለውን ነገር ብንመረምር ሦስት ዐይነት ሆኖ እናገኘዋለን። በሁሉም ላይ አንድ መሆን የሚገባው አለ፤ ይኸውም ፕሮግራሙና የፕሮግራሙ አሠራር ነው። በእያንዳንዱ ላይ የተለየ መሆን የሚገባው አለ፤ ይኸውም የኮምፒዩተሩ ስምና ዊንዶውስ በውስጡ የጻፈው መለያ ቍጥር ነው። በአንዱም ላይ መገኘት የማይገባው ደግሞ አለ፤ እርሱም አብነቱን ያሰናዳው ሰው የግል አካውንት፥ የይለፍ ቃልና ፋይል ነው። ከዚህ በታች የምናትተው የመቈጣጠሪያ ዝርዝር ዋና ሥራ እነዚህን ሦስቱን መለየት ነው፤ ብዙው ብልሽት የሚመጣው ሦስቱ ሲደባለቁ ነውና።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንያዝ። በክፍሉ ውስጥ 30 የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች አሉ እንበል፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ቢሆኑም በሁለት ጊዜ የተገዙ ናቸው። የሚጫነው ዊንዶውስ 11 ነው። ሰርቨር የለም፤ ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። በእጃችን ያለው መገልበጫ ክሎንዚላ የተባለው ነጻ ፕሮግራምና ሦስት የውጭ ዲስኮች ናቸው።

ምንም ሳይጫን ስለሚደረግ ምርመራ

አስቀድሞ አንድ ወረቀት ተሠምሮ በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ፊት ይኬድ። በወረቀቱ ላይ የኮምፒዩተሩ ተራ ቍጥር፥ የፋብሪካው ሴሪያል ቍጥር፥ የዲስኩ መጠን፥ የአነሣሡ ዐይነትና የፈቃዱ ዐይነት ይጻፍ። ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ሰነፍ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት የዲስኩ መጠን ነው። በምሳሌያችን ሃያ ሁለቱ ኮምፒዩተሮች 256 ጊጋባይት፥ ስምንቱ ደግሞ 240 ጊጋባይት ዲስክ አላቸው እንበል። ክሎንዚላ እንደ ልማዱ ሲሠራ፥ የሚገለበጥበት ዲስክ ቅጅው ከተወሰደበት ዲስክ ማነስ የለበትም፤ በዲስኩ ላይ ያለው ነገር 38 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንም እንኳ የክፍፍሉ ወሰን ስለማይገጥም ሥራው ይቆማል። ስለዚህ አብነቱ ትንሹ ዲስክ ካላቸው ከስምንቱ አንዱ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፋብሪካው ጊጋባይትን በ1,000,000,000 ሲቈጥር ዊንዶውስ ግን በ1,073,741,824 ስለሚያካፍል፥ 256 የተባለው ዲስክ በዊንዶውስ መስኮት ላይ ወደ 238፥ 240 የተባለው ደግሞ ወደ 223 ሆኖ ይታያል። 238 የሚል ቍጥር ያየ ሰው «ይህ ባለ 240ው ነው» ብሎ ትልቁን ዲስክ አብነት ያደርጋል፤ ስሕተቱንም የሚያውቀው ሃያ ሁለቱን ገልብጦ ሃያ ሦስተኛው እምቢ ሲለው ነው።

የአነሣሡን ዐይነት ለማወቅ `msinfo32` ተከፍቶ `BIOS Mode` የሚለው መሥመር ይነበብ፤ በሁሉም ላይ `UEFI` ማለት አለበት። አንዱ `Legacy` ቢል ከሌሎቹ የተወሰደው ኢሜጅ በእርሱ ላይ ቢገለበጥም አይነሣም። በዚያው ወደ ማዘርቦርዱ ቅንብር ገብቶ ዲስኩ በ`AHCI` ወይም በ`RAID` መሠራቱን ማየት ይገባል፤ አብነቱ በአንዱ፥ ተቀባዩ በሌላው ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ገጽ ላይ `INACCESSIBLE_BOOT_DEVICE` የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ይህን ያየ ሰው ዲስኩ ተበላሸ ብሎ እንዳይጥለው፤ የተለያየው ቅንብሩ ነው።

ስለ ፈቃድ ባጭሩ እንናገር። ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የተገዛ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ በማዘርቦርዱ ውስጥ ተጽፎ ይመጣል፤ የተጫነው ዊንዶውስ ከፈቃዱ ጋር አንድ ዐይነት ከሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይጸድቃል። ፈቃዱ ለ`Home` ሆኖ ኢሜጁ `Pro` ከሆነ ግን አይጸድቅም። አንዱን ኢሜጅ በብዙ ኮምፒዩተር ላይ የመገልበጥ መብት ራሱ የሚገኘው በጅምላ ከሚሸጠው ፈቃድ ስለ ሆነ፥ ትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለው ፈቃድ እንዳለው ከሥራው በፊት ይጠየቅ። ዊንዶውስ 11ን የማይቀበሉ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ከተገኙም በዚሁ ጊዜ ይለዩ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ፥ ለእነርሱ ሊኑክስን ማሰብ ይሻላል።

አብነቱን ስለ ማሰናዳት

ዊንዶውስ ተጭኖ የመጀመሪያው የጥያቄ ገጽ፥ ማለት አገር የሚጠይቀው፥ ሲመጣ መልስ አይሰጠውም። በዚያ ፈንታ Ctrl፥ Shift እና F3 ባንድነት ይጫኑ። ኮምፒዩተሩ ተመልሶ ተነሥቶ `audit mode` ወደሚባለው ሁኔታ ይገባል። የዚህ ጥቅሙ የማንም ሰው አካውንት ሳይፈጠር ፕሮግራሞቹን ለመጫን መቻሉ ነው። የሲስፕሬፕ ትንሽ መስኮት በራሷ ትከፈታለች፤ ለጊዜው ትዘጋ።

ከዚህ በኋላ ፕሮግራሞቹ ይጫኑ፤ ለምሳሌ ሊብሬኦፊስ፥ ጂኦጀብራ፥ ፓይተንና ያለ ኢንተርኔት ዊኪፒዲያን የሚያስነብበው ኪዊክስ። ጫኞቹ ሁሉ አስቀድመው በፍላሽ ዲስክ ተሰብስበው ይምጡ እንጂ አብነቱ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝ። ምክንያቱ የመሥመሩ ድካም ብቻ አይደለም። ኢንተርኔት ሲያገኝ የዊንዶውስ መደብር ትናንሽ መተግበሪያዎችን በራሱ ያድሳል፤ እነዚህም ለአንዱ ተጠቃሚ ብቻ የተጫኑ ሆነው ስለሚቀሩ ቈይቶ በሲስፕሬፕ ጊዜ እንቅፋት ይሆናሉ። የማይክሮሶፍት አካውንት አይገባበት፤ በብራውዘሩ ማንም ኢሜይሉን አይክፈትበት። የጸረ ቫይረስና ኮምፒዩተርን ከሩቅ ለመቈጣጠር የሚያገለግሉ ፕሮግራሞችም በአብነቱ ላይ አይጫኑ፤ ብዙዎቹ ሲጫኑ የራሳቸውን መለያ ቍጥር ያወጣሉና፥ ያ ቍጥር ሲገለበጥ ሠላሳው ኮምፒዩተር በእነርሱ ዘንድ አንድ ሆኖ ይቈጠራል። እነዚህ ከግልበጣው በኋላ በየራሱ ይጫኑ።

አሁን ስለ አማርኛው መጻፊያ በሰፊው እንናገር፤ መምህራን ከሚያቀርቡት ቅሬታ አዘውትሮ የሚሰማው ይህ ነውና። ዊንዶውስ የአማርኛ መጻፊያ ከራሱ ጋር አለው፤ ከቅንብሩ ውስጥ አማርኛን መጨመር ብቻ ይበቃል። ነገር ግን ይህ ቅንብር የተጠቃሚው እንጂ የኮምፒዩተሩ አይደለም። ሠራተኛው በአብነቱ ላይ አማርኛውን ጨምሮ፥ ጽፎ ፈትኖ፥ ተደስቶ ይገለብጣል፤ ተማሪው በአዲሱ አካውንት ሲገባ ግን አማርኛው የለም። ፕሮግራሙ ተገልብጧል፤ ቅንብሩ ግን በአብነቱ አሰናጅ አካውንት ውስጥ ቀርቷል። መድኀኒቱ እንዲህ ነው። `intl.cpl` ይከፈት፤ `Administrative` በሚለው ትር ሥር `Copy settings` የሚለው ይጫን፤ ከታች ያሉት ሁለቱ ሣጥኖች፥ `Welcome screen and system accounts` እና `New user accounts`፥ ምልክት ይደረግባቸው። ሁለተኛው ሣጥን ነው ለሚፈጠረው አዲስ አካውንት ሁሉ አማርኛውን የሚያወርሰው። የተጠቃሚ የሆነ ሌላ ቅንብር ሁሉ ይህንኑ ጠባይ ስለሚያሳይ፥ «በአብነቱ ላይ አይቼዋለሁ» የሚል ማስረጃ አይበቃም፤ በአዲስ አካውንት መታየት አለበት።

የሰዓቱ ክልልም በዚሁ ይታይ፤ `tzutil /g` ሲጻፍ `E. Africa Standard Time` የሚል መልስ መምጣት አለበት።

አብነቱ ሳይታተም ሁለት ነገሮች ይቀራሉ፤ ሁለቱም የዲስኩን ሁኔታ የሚመለከቱ ናቸው።

```
manage-bde -status C:
powercfg /h off
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ዲስኩ በቢትሎከር ተመስጥሮ እንደ ሆነ ይነግራል። ዊንዶውስ 11 ባለቤቱ ሳያዝዘው እንኳ ማመስጠር ሊጀምር ይችላል። መልሱ `Fully Decrypted` ካልሆነ `manage-bde -off C:` ተብሎ እስኪያበቃ ይጠበቅ። የተመሰጠረ ዲስክ ሲስፕሬፕን ያስቆማል፤ ለክሎንዚላም ጽሑፉና ባዶው ቦታ ስለማይለይለት ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይቀዳዋል። ምልክቱም ይኸው ነው፤ በዲስኩ ላይ 38 ጊጋባይት ብቻ ሳለ ኢሜጁ ሁለት መቶ ከገደማ፥ ምስጢሩ አልተፈታም ማለት ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ እንዳይቀር ያደርጋል፤ ተኝቶ የቀረ ዊንዶውስ ፋይሎቹን ክፍት አድርጎ ስለሚተው ክሎንዚላ ሊቀዳው አይችልም።

መለያውን ስለ መፋቅ

ዊንዶውስ በተጫነ ጊዜ ለኮምፒዩተሩ ረዥም መለያ ቍጥር ያወጣለታል፤ ይህም ኤስ አይ ዲ ይባላል። በኮምፒዩተሩ ላይ የሚፈጠረው አካውንት ሁሉ ይህንኑ ቍጥር ይዞ፥ ከመጨረሻው የራሱን አጭር ቍጥር ይጨምርበታል። ዲስኩ እንዲሁ ቢገለበጥ ሠላሳው ኮምፒዩተር አንድ ቍጥር ይይዛል።

ይህ ጕዳት አለው ወይስ የለውም በሚለው ነገር ባለሙያዎቹ ለብዙ ዘመን ተከራክረዋል። የተገለበጡ ኮምፒዩተሮችን ቍጥር የሚለውጠውን ኒውሲድ የተባለ ፕሮግራም ከሠሩት አንዱ የማይክሮሶፍቱ ማርክ ሩሲኖቪች፥ በ2009 እ.ኤ.አ. የቍጥሩ መደገም በተግባር የሚያስፈራውን ያህል ችግር እንደማያመጣ ጽፎ ፕሮግራሙን ከአገልግሎት አወጣ። ማይክሮሶፍት ግን ያለ ሲስፕሬፕ የተገለበጠ ዊንዶውስን አልደግፍም ማለቱን አልተወም። ብዙ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ከሁለቱ ቀላሉን መርጠው ሲስፕሬፕን ዘለሉት፤ ለዐሥራ አምስት ዓመታት ያህልም አብዛኛው ሰው ምንም አልደረሰበትም።

በ2025 እ.ኤ.አ. ነገሩ ተለወጠ። ከነሐሴ 29 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት የዊንዶውስ 11 ማሻሻያዎች፥ 24H2 እና 25H2 በተባሉት ላይ፥ ሁለት ኮምፒዩተሮች በመሥመር ሲገናኙ ቍጥራቸው አንድ መሆኑን መመርመርና አንድ ከሆነም መግቢያውን መከልከል ጀመሩ። በትምህርት ቤት ሲታይ ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ትናንት በጋራ ማኅደር ፋይል ይለዋወጡ የነበሩት ኮምፒዩተሮች ዛሬ ትክክለኛው የይለፍ ቃል ሲጻፍላቸው እንኳ አይቀበሉም፤ በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ የተተከለውም ማተሚያ ለሌሎቹ አይገኝም። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ብቻውን ሲሠራ ግን ምንም ጕድለት አይታይበትም። ሠራተኛው ገመዱን፥ ስዊቹንና የይለፍ ቃሉን ሲፈትሽ ይውላል፤ በሽታው ግን ኢሜጁ በተወሰደበት ቀን የገባ ነው። ትክክለኛው መፍትሔም ኮምፒዩተሮቹን በተገቢው መንገድ እንደገና ማዘጋጀት ስለ ሆነ፥ የተዘለለው የሃያ ደቂቃ ሥራ ክፍሉን በሙሉ እንደገና ያስገለብጣል።

ስለዚህ መለያው ይፋቅ። ከመፋቁ በፊት ግን የአብነቱ አንድ ቅጅ እንዲሁ እንዳለ በክሎንዚላ ይወሰድ፤ ይህን ጥሬው ኢሜጅ እንበለው። በኋላ አንድ ፕሮግራም ለመጨመር ወይም አንድ ግድፈት ለማረም ሲያስፈልግ ተመልሶ የሚከፈተው እርሱ ነው። ከዚያም የሚከተለው ይታዘዝ።

```
cd C:\Windows\System32\Sysprep
sysprep /generalize /oobe /shutdown
```

`/generalize` መለያውን ይፍቃል፤ አዲሱም ቍጥር ኮምፒዩተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣ ይወጣል። `/oobe` ተቀባዩ ኮምፒዩተር ሲነሣ እንደ አዲስ ጥያቄዎቹን እንዲጠይቅ ያደርጋል። `/shutdown` ሥራው ሲያልቅ ኮምፒዩተሩን ያጠፋዋል። ጥያቄዎቹን በሠላሳ ኮምፒዩተር ላይ በእጅ መመለስ አሰልቺ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በዚያ ጊዜ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። መልሶቹን በአንድ የመልስ ፋይል ጽፎ፥ የተማሪ አካውንትም በዚያው እንዲፈጠር አድርጎ፥ በትእዛዙ መጨረሻ `/unattend:` ብሎ ፋይሉን መጥቀስ ይቻላል። በፋይሉ ውስጥ የተጻፈ የይለፍ ቃል ግን ለሚያነብበው ሁሉ ግልጽ ስለ ሆነ፥ ፋይሉ ከግልበጣው በኋላ ከየኮምፒዩተሩ ይጥፋ፥ የይለፍ ቃሉም ይለወጥ።

ሲስፕሬፕ ስሕተት አለ ብሎ ከቆመ መላ ምት አያስፈልግም። በዚያው ማኅደር `Panther` በሚባለው ሥር `setupact.log` የሚባል ፋይል አለ፤ ከመጨረሻው ወደ ላይ እየተነበበ ይፈለግ። አዘውትሮ የሚገኘው የአንድ መተግበሪያ ስም ተጠርቶ `was installed for a user, but not provisioned for all users` የሚል ነው። ይህ ቀደም ብለን የተናገርነው፥ ኢንተርኔት የሚያመጣው መዘዝ ነው። መተግበሪያው በስሙ ይወገድና ሲስፕሬፕ እንደገና ይታዘዝ፤ በሚከተለው ውስጥ ከመጨረሻው ቃል ፈንታ ከፋይሉ የተገኘው ሙሉ ስም ይገባል።

```
Remove-AppxPackage -Package PackageFullName
```

ኮምፒዩተሩ ከጠፋ በኋላ በዊንዶውስ እንዳይነሣ ይጠበቅ። የክሎንዚላው ፍላሽ ዲስክ ሳይሰካ የማስነሻው ቍልፍ ከተጫነ ዊንዶውስ አዲስ መለያ አውጥቶ ሥራውን ይጀምራል፤ ፍቀቱም ከንቱ ይሆናል። እኛ እንደሚመስለን በኮምፒዩተሩ ላይ «አትንኩት» የሚል ወረቀት መለጠፍ ይጠቅማል፤ ቀና የሆነ የጥበቃ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ጠፍቷል ብሎ ያስነሣዋልና።

ስለ መገልበጥ

ክሎንዚላ ከፍላሽ ዲስክ ሲነሣ `device-image` ይመረጥ፤ ቀጥሎ ኢሜጁ የሚቀመጥበት የውጭ ዲስክ በ`local_dev` ይታወቅ፤ ከዚያ `savedisk`። ቀድቶ ሲጨርስ ኢሜጁ ተመልሶ ሊገለበጥ መቻሉን ልመርምር ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አዎን ይባል። በተቀባዩ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ `restoredisk` ይመረጣል። እዚህ ላይ ፕሮግራሙ ዲስኩ እንደሚደመሰስ አስጠንቅቆ ሁለት ጊዜ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ሁለት ጊዜ የሚጠይቀውም በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ዲስኮቹን `sda` ወይም `nvme0n1` በሚል ስም ይዘረዝራቸዋል። የውስጡ ዲስክ `nvme0n1` በሆነበት ኮምፒዩተር የውጭው ዲስክ `sda` ይሆናል፤ በሌላው ኮምፒዩተር `sda` ውስጣዊው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሙ ሳይሆን አጠገቡ የተጻፈው መጠንና ሞዴል ይነበብ። እንዲህ ካልሆነ ኢሜጁን የያዘው ዲስክ ራሱ ሊደመሰስ ይችላል።

ኢሜጁ እንደ ተወሰደ በሠላሳው ላይ መጣደፍ አይገባም። በመጀመሪያ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ይገልበጥ፤ ያ ኮምፒዩተር ተነሥቶ፥ የተማሪው አካውንት ተከፍቶ፥ ፕሮግራሞቹ አንድ በአንድ ተከፍተው፥ አማርኛ ተጽፎ፥ ተጽፎም ተቀምጦ ይታይ። ግድፈት ከተገኘ ጥሬው ኢሜጅ ተመልሶ ይታረም። በሁለት ጊዜ የተገዙ ኮምፒዩተሮች ስላሉን ከሁለቱም ወገን አንዳንድ መፈተን ያስፈልጋል፤ ድምፁ ወይም መሥመሩ በአንደኛው ወገን ላይ የማይሠራ ቢሆን የዚያን ወገን ድራይቨር በጥሬው ላይ መጨመር ይገባል።

ከዚያ በኋላ የጊዜው ስሌት ይመጣል። ኢሜጁ ታምቆ 20 ጊጋባይት ሆነ እንበል። በውጭ ዲስክ አንዱ ኮምፒዩተር ከማስነሣቱ ጋር 15 ደቂቃ ቢፈጅ፥ ሦስት ዲስኮች ስላሉን ሠላሳው በ10 ዙር ያልቃል፤ ይኸውም ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሌላው መንገድ በመሥመር መላክ ነው። ስዊቹ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ አሮጌ ስዊች ከሆነ በተግባር በሰከንድ 11 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ 20 ጊጋባይቱ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ለየብቻቸው ቢላክላቸው ሠላሳው ያንኑ አንድ መሥመር ስለሚካፈሉ 15 ሰዓት ይሆናል። ነገር ግን መልቲካስት በሚባለው ዘዴ ላኪው አንድ ጊዜ ብቻ ሲያሰማ ሁሉም ባንድነት ይቀዳሉ፤ ስለዚህ ለሠላሳውም ጊዜው ያው 30 ደቂቃ ያህል ነው። ክሎንዚላ ይህን በ`lite server` ያደርገዋል፤ በሚሠራበት ጊዜ የክፍሉ ስዊች ከትምህርት ቤቱ ሌላ መሥመር ተለይቶ መቆየት አለበት፤ ላኪው ለተቀባዮቹ አድራሻ ስለሚያድል ከሌላው አዳይ ጋር ይጋጫልና።

መልቲካስት ሲታይ የሚያስቀና ቢሆንም ሁለት ነውሮች አሉት። ሁሉም እኩል ስለሚሄዱ አንድ ሊሞት የተቃረበ ዲስክ ሃያ ዘጠኙን ያዘገያል። መብራት ቢጠፋ ደግሞ ሠላሳውም እኩል ግማሽ የተጻፉ ሆነው ይቀራሉ፤ ግማሽ የተጻፈ ዲስክ ከመጀመሪያው ካልተገለበጠ አይነሣም። በውጭ ዲስክ የሚሠራ ሰው ግን በዚያ ጊዜ የሚያጣው ሦስቱን ብቻ ነው። መብራት በሚቈራረጥበት ቦታ እኛ ሦስቱን ዲስኮች እንመርጣለን፤ መልቲካስት የሚመረጥ ከሆነም ዐሥር ዐሥር ተደርገው በሦስት ዙር ይሁን፤ ላኪው ኮምፒዩተርና ስዊቹም በዩፒኤስ ላይ ይተከሉ።

ከተገለበጠ በኋላ

አሁን የሚሠራው በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ነው፤ የተለየ መሆን የሚገባው ነገር የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ነውና። መጀመሪያ ስሙ ይሰጥ፤ በወረቀቱ ላይ ሰባተኛ የተባለው በፓወርሼል እንዲህ ይሰየማል።

```
Rename-Computer -NewName LAB1-07 -Restart
```

ያው ስም በወፍራም እስክሪብቶ ተጽፎ በሣጥኑ ላይ ይለጠፍ፤ በስክሪኑ ላይ አይለጠፍ፤ ስክሪን ከቦታ ቦታ ይዛወራልና። ቀጥሎ በተማሪው አካውንት ተገብቶ `whoami /user` ይጻፍ። የሚመጣው ቍጥር በቅርጹ ይህን ይመስላል።

```
S-1-5-21-1111111111-2222222222-3333333333-1001
```

ከ21 በኋላ ያሉት ሦስቱ ረዣዥም ቍጥሮች የኮምፒዩተሩ ናቸው፤ የመጨረሻው አጭሩ የአካውንቱ ነው። አጭሩ በሠላሳው ላይ አንድ ቢሆን ምንም አይደለም። ሦስቱ ረዣዥሞች ግን በሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ከሆኑ፥ መለያው አልተፋቀም ማለት ነው። ሠላሳውን ሁሉ መጻፍ አድካሚ ስለ ሆነ የመካከለኛው ቍጥር የመጨረሻ አራት አኀዞች በወረቀቱ ላይ ቢጻፉ ለማነጻጸር ይበቃሉ። ይህ ምርመራ በሁለተኛው ኮምፒዩተር ላይ ይደረግ እንጂ እስከ ሠላሳኛው አይቈይ።

ፈቃዱ መጽደቁ በ`slmgr /xpr` ይታያል። ቀንና ሰዓቱም ይታይ፤ ኮምፒዩተሩ ከሶኬት ተነቅሎ ጥቂት ቈይቶ ሲመለስ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከሄደ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። ባትሪዋ ብዙውን ጊዜ CR2032 የተባለችው ናት፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው። እንዲህ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ብራውዘሩ ድረ ገጾችን «አደገኛ ናቸው» እያለ ስለሚከለክል ብዙ ሰው በከንቱ ቫይረስ ሲፈልግ ይውላል። በዚሁ ጊዜ ጸረ ቫይረሱና ከአብነቱ የቀሩት ሌሎች ፕሮግራሞች ይጫኑ፤ የመልሱ ፋይል ይጥፋ፤ በወረቀቱ ላይ የመረመረው ሰው ይፈርም።

ጥሬው ኢሜጅና የታተመው ኢሜጅ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ተቀምጠው አንዱ ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ክፍል ውጭ ይቈለፍ። ከእያንዳንዱም ጋር የተወሰደበት ቀን፥ የዊንዶውሱ እትም፥ የፕሮግራሞቹ ዝርዝርና አብነቱ የተሰናዳበት ዲስክ መጠን ተጽፎ ይታሰር፤ የይለፍ ቃሉ ግን በዚያ ወረቀት ላይ አይጻፍ። በዓመቱ መካከል ኮምፒዩተር ሲበላሽ የታተመው ኢሜጅ ይገለበጥበታል፤ ክረምት ሲመለስ ደግሞ ጥሬው ተከፍቶ፥ ፕሮግራሞቹ ታድሰው፥ ሲስፕሬፕ እንደገና ተደርጎ አዲስ ኢሜጅ ይወሰዳል።